«አልነገረችኝም»፦ «ኝ» እና «ም» በአንድ ቃል ውስጥ የት ይቀመጣሉ?

እስቲ በዚህ ጥያቄ እንጀምር።

እህቴ ትናንት ደውላ ነበር፤ የሠርጓን ቀን ግን ________።

ሀ. አልነገረችምኝ
ለ. አልነገረኝችም
ሐ. አልነገረችኝም
መ. አልነገረችኝ

አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ሐን ለመምረጥ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ሌሎቹ ለጆሮው ይጎረብጡታል። «ሀ ለምን አይሆንም?» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት መልስ «እንደዚያ አይባልማ!» የሚል ነው። መልሱ ልክ ነው። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማር ሰው ግን ምንም አያስጨብጠውም። እኔም ለእንደዚህ ዓይነት ተማሪዎች ጥያቄ ማዘጋጀት ስጀምር የተማርኩት ይህንኑ ነው። አንድ ተማሪ ሀን መርጦ «‹አልነገረችም› ትክክል ከሆነ፣ መጨረሻው ላይ ‹ኝ› ብጨምርበት ምን ችግር አለው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱም «አይባልም» ከሚለው ትንሽ ይረዝማል።

ቃሉ ውስጥ ምን ምን አለ?

«አልነገረችኝም» በጽሑፍ አንድ ቃል ነው። ሲፈታ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። አምስት ቁርጥራጭ አለው፤ አል፣ ነገረ፣ ች፣ ኝ፣ ም።

«ነገረ» ግሱ ነው። «ች» የነገረችው ሴት መሆኗን ታሳያለች፤ ማለትም የባለቤቱ ምልክት ናት። «ኝ» ነገሩ የሚደርሰው እኔ ጋ መሆኑን ትነግረናለች፤ ተሳቢ የምንለው እሱ ነው። «አል» እና «ም» ደግሞ ሁለት ሆነው አንድ ሥራ ይሠራሉ። ድርጊቱ አልተፈጸመም የሚለውን፣ በሰዋስው አጠራር አሉታ ወይም አፍራሽ የሚባለውን መልክ ይሰጡታል። አንዷ ከፊት ትገባለች፣ አንዷ ከኋላ ትዘጋለች።

እኔ ሁለቱን እንደ ቅንፍ ነው የማያቸው። «አል» ቅንፉን ትከፍታለች፣ «ም» ትዘጋዋለች። ስለ ግሱ የሚነገር ሁሉ፣ ማን እንዳደረገውም፣ ማን ላይ እንደደረሰም፣ ቅንፉ ውስጥ ይገባል። «አልነገረችምኝ» ያልነው እንደሆነ ቅንፉን ከዘጋን በኋላ አንድ ሰው ውጭ ቀረብን ማለት ነው።

«ታዲያ ከ‹ም› በኋላ ምንም አይገባም?» ትሉ ይሆናል። ይገባል። «አልነገረችኝምና ምን ላድርግ» እንላለን። «አልነገረችኝም'ኮ» እንላለን። ልብ በሉ ግን፤ «ና» እና «'ኮ» ስለ መንገሩ የሚሉት ነገር የለም። «ና» ይህን ዓረፍተ ነገር ከሚቀጥለው ጋር ታያይዛለች፤ «'ኮ» ደግሞ የተናጋሪውን ስሜት ታመጣለች። ሁለቱም የዓረፍተ ነገሩ እንጂ የግሱ አይደሉም። ስለዚህ ከቅንፉ ውጭ መቀመጣቸው ያምርባቸዋል።

ለተማሪ የምሰጠው አሠራር ከዚህ ይነሣል። አሉታውን መጀመሪያ አትሥራ። መጀመሪያ አዎንታውን ከነተሳቢው ጨርሰው፤ «ነገረችኝ»። ከዚያ በቅንፍ ክተተው፤ አል + ነገረችኝ + ም። ለኀላፊ ጊዜ ይህ አሠራር ሁልጊዜ ይሠራል። «ሰበርኩት» «አልሰበርኩትም» ይሆናል። «ነገርኩዎት» «አልነገርኩዎትም» ይሆናል። ተሳቢው በ«ል» ወይም በ«ብ» ሲመጣም ያው ነው፤ «ፈረዱብኝ» «አልፈረዱብኝም»፣ «ከፈተችልኝ» «አልከፈተችልኝም»። የተማሪው ስሕተት የመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። እሱ መጀመሪያ «አልነገረችም» ብሎ ጨረሰ፤ ኋላ «ለማን?» ሲባል «ኝ»ን ጫፉ ላይ ለጠፋት።

ትግርኛ የሚያውቁ አንባቢዎች ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንባቸውም። «ሰበረው» ለማለት «ሰበሮ» ይላሉ። «አልሰበረውም» ሲሆን «ኣይሰበሮን» ነው። እዚያም ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ አለ፤ ተሳቢውም መሐል ነው። ግእዝ ግን የኋላ መዝጊያ አያስፈልገውም። ከፊት «ኢ» ከገባች በቃ፤ «ኢትቅትል» ማለት «አትግደል» ነው።

እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ምን ይፈትናል?

ጥሩ የምርጫ ጥያቄ ላይ የተሳሳቱት አማራጮች በዘፈቀደ አይቀመጡም። እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ስሕተት እንዲይዙ ታስበው ነው የሚሠሩት። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ።

ሀን የመረጠ ተማሪ «ም» የግሱ አካል መስላዋለች። «አልነገረችም» ለእሱ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ነው፤ ተሳቢውን የሚጨምረው ላዩ ላይ ነው። ይህ ተማሪ ቅንፉን ማየት ከቻለ ችግሩ በአንድ ቀን ይፈታል።

ለን፣ «አልነገረኝችም»ን፣ የመረጠው ሌላ ነገር ነው የጠፋበት። «ነገረኝ» የሚለውን ደጋግሞ ከመስማቱ የተነሣ እንደ አንድ ቃል ይዞታል። ስለዚህ ሴት መሆኗን ሊነግረን ሲፈልግ «ች»ን ከ«ኝ» በኋላ ያመጣታል። የእሱ ችግር አሉታው ላይ አይደለም። አዎንታውን ብታዝዙትም «ነገረኝች» ሊላችሁ ይችላል። አማርኛ ላይ ባለቤቱ ሁልጊዜ ከተሳቢው ይቀድማል፤ ነገረ፣ ች፣ ኝ። ይህን ተማሪ ስለ «ም» አንድ ሰዓት ብታስተምሩት ትርፉ ድካም ነው።

መን የመረጠው ተማሪ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ ብዙ አማርኛ ሰምቷል። «አልነገረችኝ» የሚባል ነገር ጆሮው ውስጥ አለ። ከየት አመጣው? «ስላልነገረችኝ»፣ «ያልነገረችኝ»፣ «ካልነገረችኝ» ሲባል ሰምቶ ነው። ጆሮው አልዋሸውም። የጠፋበት «ም» መቼ እንደምትመጣና መቼ እንደምትቀር ነው። ይህ ደግሞ የዚህ ሁሉ ነገር አስቸጋሪው ክፍል ስለሆነ ራሱን ችሎ ይታይ።

«ም» የምትጠፋው መቼ ነው?

«ም» የምትመጣው ግሱ ራሱን ችሎ ዓረፍተ ነገሩን ሲዘጋ ነው። ግሱ በሌላ ግስ ላይ የተደገፈ ከሆነ፣ ማለትም ሐሳቡ ገና የሚቀጥል ከሆነ፣ «ም» ትቀራለች። ሁለተኛውን ጥያቄ እዩት።

ቀኑን ________ ሠርጉ አመለጠኝ።

ሀ. ስላልነገረችኝ
ለ. አልነገረችኝም
ሐ. ስላልነገረችምኝ
መ. አልስለነገረችኝ

መልሱ ሀ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው «አመለጠኝ» ነው፤ «ስላልነገረችኝ» ምክንያት ብቻ ናት። ሐሳቡ ገና አላለቀም፣ ስለዚህ መዝጊያዋም አልመጣችም። «ኝ» ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ አሁንም ከ«ች» ቀጥላ አለች። አዲሱ ቃል «ስለ» ደግሞ ከሁሉም ፊት ይቆማል፣ ከ«አል»ም በፊት። መ የሚፈትነው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ፊደላችን ተማሪውን ትንሽ ይጫወትበታል። «ስለ» እና «አል» ሲገናኙ «ስላል» ይሆናሉ። የ«አል» «አ» ለብቻዋ አትታይም፤ «ለ»ን «ላ» አድርጋ ውስጧ ገብታለች። «የ» እና «አል» «ያል» ይሆናሉ። «ከ» እና «አል» «ካል» ይሆናሉ። ድርጊቱ ገና ያልተፈጸመ ሲሆን ደግሞ «የማይነግረኝ»፣ «እንዳይነግረኝ»፣ «ባይነግረኝ»፣ «ሳይነግረኝ» እንላለን። በሁሉም ላይ አሉታው አለ፤ በሁሉም ላይ ተደብቋል፤ በአንዳቸውም ላይ መዝጊያዋ «ም» የለችም። ተማሪ «አል»ን በዓይኑ ሲፈልግ ያጣትና ቃሉን አዎንታ አድርጎ ያነበዋል። በ«አ» የሚጀምር ግስ ሲመጣ ይብሳል። «አላነበበችውም» ላይ ያለችው አንዲት «ላ» ግማሿ የአሉታው ናት፣ ግማሿ የ«አነበበ» ናት።

ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ይህን ሕግ ይዘውት ይኖራሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን፤ «ያልጠረጠረም» ብንል ነገሩ ይፈርሳል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ግን ሕጉን ይጥሳል። በተራ ንግግር ቢሆን «አላይም» ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ እሱ ነውና። «ም» የተጣለችው «ሰማይ» ከ«አላይ» ጋር ቤት እንዲመታ ነው። ግጥም የሚፈቀድለት ነገር ብዙ ነው። ከምሳሌያዊ አነጋገር ሰዋስው ለመማር የሚሞክር ተማሪ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

«ም» የማትመጣበት ሌላው ቦታ ትእዛዝ ነው። «አትርሳኝ» ልመና ነው፤ «አትረሳኝም» ደግሞ «እንደማትረሳኝ አውቃለሁ» እንደማለት ነው። በሁለቱም ላይ «ኝ» ያው ቦታዋ ላይ ናት። የተለወጡት «ር» እና «ረ»፣ እንዲሁም የ«ም» መኖርና አለመኖር ናቸው። ስለዚህ «እባክህ ________» ከሚል ጥያቄ ሥር «አትረሳኝም» እና «አትርሳኝም» ሲቀመጡ፣ የመጀመሪያው የሚፈትነው ትእዛዝንና ተራ መግለጫን መለየትን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ትእዛዝ ላይ መዝጊያ እንደማያስፈልግ ማወቅን።

«ይነግረኛል» ሲፈርስ መጨረሻው ላይ ያለው «አል» የት ይገባል?

ለኀላፊ ጊዜ የሰጠሁት አሠራር እዚህ ላይ አንድ እርምጃ ይጨመርበታል። «ይነግረኛል» የሚለው ቃል ጫፉ ላይ ረዳት ግስ ተሸክሟል። ይ፣ ነግር፣ ኝ፣ አል ነው። ይህ «አል» የአሉታው «አል» አይደለም። «አለ» ከሚለው የመጣ ረዳት ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ተማሪ «አሉታ ሲሆን የኋላው ወደ ፊት ይሄዳል» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ረዳቱ ጨርሶ ይወጣል፤ መቀመጫውን «ም» ትወስደዋለች።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሆናል። «ይነግረኛል»ን ያዙ። ረዳቱን አውጡ፤ «ይነግረኝ» ይቀራል። አሁን ቅንፉን አድርጉበት፤ «አይነግረኝም»። «ትነግሪኛለሽ» ላይ ረዳቱ «አለሽ» ነው፤ ሲወጣ «ትነግሪኝ»፣ ሲፈርስ «አትነግሪኝም»። «እነግረዋለሁ» ላይ ረዳቱ «አለሁ» ነው፤ ሲወጣ «እነግረው»፣ ሲፈርስ «አልነግረውም»። የፊቱ ምልክት እንደ ባለቤቱ «አይ»፣ «አት»፣ «አን» ወይም «አል» ይላል። ሙሉው «አል» የሚቀረው ለ«እኔ» ብቻ ነው።

ስለዚህ «አጎቴ እውነቱን መቼም ________» ከሚል ጥያቄ ሥር አራት አማራጭ ብሰጥ፣ አንዱ በእርግጠኝነት «አይነግረኛልም» ይሆናል። ይህን የሚመርጥ ሰው ረዳቱ መውጣት እንዳለበት አላወቀም። «አይነግርምኝ» ያው የቅንፉ ስሕተት ነው። «አልነግረኝም» ደግሞ ባለቤቱን ወደ «እኔ» የለወጠ ነው፤ እኔ ለራሴ አልነግርም እንደማለት ይሆናል። ትክክለኛው «አይነግረኝም» ነው።

በነገራችን ላይ «አለኝ» ሲፈርስ «የለኝም» ይሆናል። ከፊት መልኩን ቢቀይርም ከኋላ ሕጉ ያው ነው፤ ኝ፣ ከዚያ ም። «ነኝ» ግን ወጥመድ አለው። እዚያ ላይ ያለችው «ኝ» ተሳቢ ትመስላለች፤ የምትናገረው ግን ስለ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሲፈርስ «አይደለኝም» ሳይሆን «አይደለሁም» ይሆናል።

«አልበላም አለኝ» እና «አልበላ አለኝ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አንዲት «ም» ትርጉም እንዴት እንደምትለውጥ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

«ልጁ አልበላም አለኝ» ስንል ልጁ አፉን ከፍቶ ተናግሯል። «አልበላም» ያለው እሱ ነው፤ እኔ ቃሉን እየደገምኩ ነው። «ልጁ አልበላ አለኝ» ስንል ግን ልጁ ምናልባት ምንም አልተናገረም። ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ማንኪያው ሲጠጋው ፊቱን ያዞራል። እኔ ተቸግሬያለሁ። «አልበላ አለ» ማለት እምቢ አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው «በሩ አልከፈት አለኝ» የምንለው፤ በር አይናገርም። «በሩ አልከፈትም አለኝ» ብንል የሚያወራ በር ያለበት ተረት ይሆናል።

ተሳቢው የት እንደገባም እዩ። «ኝ» ያለችው «አለ» ላይ ነው። «አልከፈተኝ አለ» አይባልም። የፊተኛው ግስ ደርቆ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ማንም ቢሆን አይለወጥም፤ «ልጆቹ አልሄድ አሉኝ»፣ «እሷ አልሰማ አለችኝ»። የሚለዋወጠውና ሰዉን የሚሸከመው «አለ» ነው።

ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምወደው ጥያቄ ከዚህ የሚወጣው ነው። «ቁልፉን አሥር ጊዜ ባዞረውም በሩ ________።» አማራጮቹ «አልከፈትም አለኝ»፣ «አልከፈት አለኝ»፣ «አልከፈተኝ አለ»፣ «አልከፈትኝም አለ» ናቸው። እዚህ ላይ በጆሮ ብቻ ማለፍ ከባድ ነው። የመጀመሪያው ለብቻው ሲታይ ምንም ስሕተት የለበትም። የሚጥለው በሩ ነው።

ጥያቄው ራሱ ሲሳሳትስ?

ይሳሳታል። ከማውቃቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት «ም» ሌላም ሥራ ስላላት ነው። «እህቴም መጣች» ስንል «ም» የምትለው «እሷ ደግሞ» ነው። ይህች «ም» በብዙ ዓይነት ቃል ላይ ልትገባ ትችላለች፤ ተደግፎ በቆመ አሉታ ላይም ጭምር። ቅድም በሁለተኛው ጥያቄ አማራጮች ውስጥ «ስላልነገረችኝም»ን ያላስገባሁት ለዚህ ነው። «አልጋበዘችኝም፤ ቀኑን ስላልነገረችኝም ሠርጉ አመለጠኝ» ሙሉ ለሙሉ ትክክለኛ አማርኛ ነው። አማራጭ አድርጌ አስገብቼው ቢሆን ኖሮ፣ ጎበዝ ተማሪ መርጦት ስሕተት ይባልበት ነበር። ሁለቱን «ም» ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። «ም»ን ጣሏትና አንብቡ። ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ «ደግሞ» የምትለዋ ነበረች። ከወደቀ የአሉታው መዝጊያ ነበረች።

ሥርዓተ ነጥብም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ በአራት ነጥብ ሳይሆን በጥያቄ ምልክት ቢያልቅ ኖሮ፣ መ ላይ ክርክር ይነሣ ነበር። በንግግር «አልነገርኩህ?»፣ «አላልኩህ?» እንላለን፤ «ነግሬህ ነበር'ኮ» ለማለት። ያ አጠራር «ም»ን ይጥላል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለማሳየቱ ነው። በስልክ መስመር ሲቆራረጥ የምንለውን አስቡ። «አልሰማህም!» «ማ» ላልታ ስትነበብ «እኔ አንተን መስማት አልቻልኩም» ማለት ነው። «ማ» ጠብቃ ስትነበብ ግን «እሱ አንተን አልሰማህም» ሊሆን ይችላል፤ ያውም ኀላፊ ጊዜ። በወረቀት ላይ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። «አልነገራችሁም» ደግሞ ይብሳል፤ በመጥበቅም አይለይም። «እናንተ አልነገራችሁም» ሊሆን ይችላል፣ «እሱ ለእናንተ አልነገራችሁም» ሊሆንም ይችላል። ያች «ኣችሁ» አንዴ ባለቤት፣ አንዴ ተሳቢ ሆና ትገባለች፤ ድምፅዋ ያው ነው። የሚለያቸው ዙሪያቸው ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ «‹አልነገራችሁም› በሚለው ቃል ውስጥ ተሳቢው ማን ነው?» ብሎ ቃሉን ብቻውን አውጥቶ መጠየቅ ተማሪውን መበደል ነው።

እኔም በዚህ በኩል አንድ ጥያቄ አበላሽቻለሁ። እንዲህ ይል ነበር።

ሃሎ! ድምፅህ ይቆራረጣል፤ ________።

ሀ. አልሰማህም
ለ. አልሰማሁህም
ሐ. አትሰማኝም
መ. አልሰማምህ

መልሱን ሀ ብዬ ነበር የያዝኩት፤ «ይቆራረጣል» አሁን ያለ ነገር ነውና። ግማሹ ክፍል ለን መረጠ። «ሰማሁህ» ሲፈርስ «አልሰማሁህም» ነው፤ አሠራሩ ላይ እንከን የለበትም። በስልክ ስናወራም ሁለቱንም እንላለን። መስመሩ ተቆራርጦ ያመለጠንን ለማለት «አልሰማሁህም» እንላለን። ተማሪዎቹ ልክ ነበሩ። ነጥቡንም መለስኩላቸው።

ከዚያ ጥያቄውን አስተካከልኩት። «ሃሎ! አሁንም ድምፅህ ይቆራረጣል፤ ምንም ስለ________ ቆይ ቦታ ልቀይር» አልኩና አማራጮቹን «ማልሰማህ»፣ «ማልህሰማ»፣ «ማልሰማምህ»፣ «ማትሰማኝ» አደረግኋቸው። አሁን «ስለ» ግሱን ስለተደገፈችው መዝጊያዋ «ም» መቅረት አለባት። ቦታ የሚቀይረውም የማይሰማው ሰው ስለሆነ ባለቤቱ «እኔ» መሆኑ ታወቀ። በዚያኛው የፈተና ወረቀት ላይ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «ማልሰማህ»።